ከላይ ቤት ውሃ ሲያፈስ ለአከራይ የሚጻፍ ደብዳቤ

«ከላይ ካለው ቤት መታጠቢያ ቤቴ ኮርኒስ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ለአከራዬ ሦስት ጊዜ ደውዬለታለሁ፤ አንዴ ቀለም አስቀብቶ ሄደ፣ ውሃው ግን ተመልሶ መጣ። አሁን ቀን ቆርጬ በደብዳቤ ልጠይቀው ነው፤ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። የጻፈ አለ?»

እህቴ፣ እኔ በዚሁ ነገር ወራት ተንገላትቻለሁ። የመጀመሪያ ደብዳቤዬ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፣ ከላይ እስከ ታች ምሬት። አከራዬ አንብቦ ቀለም ቀቢ ላከልኝ። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ «ኮርኒሱ ተበላሽቷል» ብዬ ስጽፍለት እሱም ኮርኒሱን አስተካከለ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይፈለግልኝ የሚል ቃል ደብዳቤው ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ሳምንት መዝግቢ። መቼ ጀመረ፣ መቼ ቆመ። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግፊት ያለበት የንጹሕ ውሃ ቧንቧ ይጠረጠራል። እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ግን፣ በተለይ ላይኛው ቤት ሻወር ከተወሰደ በኋላ፣ ወይ የፍሳሽ መስመሩ ነው ወይ የሻወሩ ወለል ውሃ ያስገባል። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከላይ ውሃ ሲወርድ እሰማለሁ፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጠብ ጠብ ይጀምራል። እሁድ እሁድ ደግሞ 4 ሰዓት ላይ፣ አርፍደው ስለሚነሱ። ሦስት ቀን ቤት ያልነበሩ ጊዜ አንድም ጠብታ የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ሌላው፣ የእርጥበቱን ጠርዝ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ቀኑን አጠገቡ ጻፊበት፣ ከዚያ ፎቶ አንሺ። በሚቀጥለው ጊዜ ቡናማው ቀለበት ከመስመሩ ሲያልፍ «ያው የድሮው ነው» ማለት አይቻልም።

ሁለተኛው ደብዳቤዬ ይህን ይመስል ነበር፤ ቀኑን ወደ ራስሽ ቀይሪው፦

«ኅዳር 3
ለአከራዬ፣
በተከራየሁት ቤት መታጠቢያ ቤት ኮርኒስ ላይ ከላይኛው ቤት ውሃ ያፈሳል። መስከረም 12፣ ጥቅምት 2፣ ጥቅምት 20 እና ጥቅምት 28 አፍስሷል። መስከረም 12 እና ጥቅምት 3 በስልክ አሳውቄዎታለሁ። ጥቅምት 8 ኮርኒሱ ቀለም ተቀብቷል፣ ነገር ግን የውሃው ምንጭ ስላልተጠገነ ከ12 ቀን በኋላ ተመልሷል። የሚያንጠባጥበው ላይኛው ቤት ሻወር ከተወሰደ በኋላ ነው፤ የሰዓት መዝገብና ፎቶ አያይዣለሁ።
እስከ ኅዳር 8 ቧንቧ ሠራተኛ የላይኛውን ቤት መታጠቢያ ቤት ገብቶ እንዲያይ፣ እስከ ኅዳር 18 ምንጩ እንዲጠገን እጠይቃለሁ። የእኔን ቤት ለማየት ከሰዓት በኋላ ከ11 ሰዓት ጀምሮ አለሁ። በእነዚህ ቀናት የማይቻል ከሆነ ምክንያቱንና የሚቻልበትን ቀን እስከ ኅዳር 6 በጽሑፍ ይግለጹልኝ።»

በቃ ይሄው ነው። ሁለት ቀን የቆረጥኩት አውቄ ነው። አንድ ቀን ብቻ ከሰጠሽው እስከዚያ ድረስ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ሠራተኛ አጣሁ» ይላል። ማየትና መጠገን ሲለያዩ ግን በአምስተኛው ቀን ነገሩ መንቀሳቀሱን ታውቂያለሽ። ደግሞ «የላይኛውን ቤት ገብቶ» የሚለውን እንዳትተዪው። ሠራተኛው አንቺ ጋ መጥቶ ወደ ላይ አንጋጦ ቢሄድ ምንም አይጠቅምሽም።

«ካልሆነ ኪራይ አልከፍልም» የሚል አትጻፊ። ውልሽንና ሕጉን ሳታዪ ኪራይ ብትይዢ ጥፋተኛዋ አንቺ ትሆኛለሽ። ኮፒ አስቀሪና ሲቀበልሽ ኮፒው ላይ አስፈርሚው፤ አልፈርምም ካለ የደብዳቤውን ፎቶ በስልኩ ላኪለት፣ የተላከበት ቀን ይቀራል። ውሃው በአምፖሉ በኩል የሚወርድ ከሆነ ወይም ኮርኒሱ ሆዱን ከነፋ ግን ቀን ቆጠራውን ተዪው። የዚያን ክፍል መብራት ከቆጣሪው አጥፊና ያኔውኑ ደውዪ።

የእኔ በኅዳር 7 ሠራተኛ መጣ። የሻወሩን ፍሳሽ ቀዳዳ በጨርቅ ደፍኖ ወለሉ ላይ ውሃ አቆረበት፣ እኔ ታች ቆሜ ኮርኒሱን አያለሁ። ቀዳዳውን ገና ሳይከፍተው ማንጠባጠብ ጀመረ። ስለዚህ ቧንቧው አልነበረም፤ ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ሲሊኮን ለቆ ኖሯል። ከፍቶት ብቻ ቢያፈስ ኖሮ ፍሳሹ ነው ማለት ነበር። አሮጌውን ልጦ፣ አድርቆ፣ አዲስ ሞላበት፤ ላይኞቹም እስኪደርቅ አንድ ቀን ሻወር አልወሰዱም። ቀለሙን ግን ኮርኒሱ በደንብ እስኪደርቅ ሦስት ሳምንት አቆየሁት። የእርሳሱ መስመር እስከዚያ ድረስ እዚያው ነበር፣ ቀለበቱም አላለፈውም።