ነባሩ ኢንሹራንሴ የኮሎኖስኮፒ ሒሳብ አስከፈለኝ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ታክሲ ስለምነዳ የጤና ኢንሹራንሴን ራሴ ነኝ የገዛሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2008። ኩባንያው ይህን ፕላን ለአዲስ ሰው መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፤ እኛን ነባሮቹን ግን አላስወጣንም። ሕመም ሳይኖረኝ ዕድሜዬን አይቶ ሐኪሜ ኮሎኖስኮፒ አዘዘልኝ። ከ2,560 ዶላሩ 25 በመቶ፣ 640 ዶላር፣ ያንተ ድርሻ ነው ተባልኩ። ጓደኛዬ ምንም አልከፈለም። ሕጉ ለእኔ አይሠራም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሒሳቡን ከመክፈልዎ በፊት ያ 25 በመቶ መቼ እንደመጣ ያጣሩ። ጉዳዩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጓደኛዎ ያልከፈሉት በተለምዶ ኦባማኬር የሚባለው ሕግ እንዲህ ያለውን የቅድመ መከላከል ምርመራ በነጻ እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ ነው። ሕጉ በጸደቀበት ዕለት፣ ማርች 23 ቀን 2010፣ ሰው ተመዝግቦባቸው የነበሩ ፕላኖች ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ሆነዋል። ፖሊሲዎ ላይ «ግራንድፋዘርድ»፣ ማለትም ነባር፣ ተብሎ መጻፍ ያለበትም ለዚህ ነው።

ይህ ነጻነት የሚቆየው ግን ፕላኑ በመሠረቱ እንደነበረ እስከቀጠለ ድረስ ብቻ ነው። ወርሃዊ ክፍያው መጨመሩ ብቻውን ነጻነቱን አያሳጣውም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስዎ የሚያወጡት ዲዳክቲብልም በተወሰነ ልክ ሊጨምር ይችላል። በመቶኛ የሚከፍሉት ድርሻ ግን በአንድ ነጥብ እንኳ ከፍ ካለ ፕላኑ ነባርነቱን ያጣል፤ መልሶም አያገኘውም። ስለዚህ በ2010 ድርሻዎ 20 በመቶ ከነበረና በኋላ 25 ካደረጉት፣ በኢንሹራንሱ መረብ ውስጥ ባለ ሐኪም ለተደረገው ለዚህ ምርመራ ዕዳዎ ዜሮ ነው እንጂ 512 ዶላር እንኳ አይደለም።

ማስረጃውን ማስቀመጥ የኩባንያው ግዴታ ነው። «ፕላኔ ማርች 23 ቀን 2010 የነበረውን ውልና ከዚያ ወዲህ የተደረጉትን ለውጦች አሳዩኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ሕጉ ይህን መብት ለደንበኛው በግልጽ ሰጥቶታል። በዚያው ደብዳቤ ሒሳቡን እንደሚቃወሙም ይግለጹ፤ የይግባኙ ቀነ ገደብ ከሒሳቡ ጋር በመጣልዎ ወረቀት ላይ አለ፣ እንዳያልፍዎት። እምቢ ካሉ ለሜሪላንድ ኢንሹራንስ አስተዳደር አቤት ይበሉ። ሐኪሙ ምርመራውን የመዘገበው በምልክት የተነሣ ሳይሆን ለቅድመ መከላከል መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ኮዱ ከተሳሳተ ክርክሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከ2010 ጀምሮ 25 በመቶ ከነበረ ግን ሒሳቡ ትክክል ነው። ያኔም ተናደው ፕላኑን በዓመቱ መሀል እንዳይሰርዙ። በገዛ ፈቃድ መተው ሌላ ለመመዝገብ ልዩ ጊዜ አያሰጥም፤ ኖቬምበር 1 የሚከፈተውን ምዝገባ ይጠብቁ። ኩባንያው ራሱ ፕላኑን ከዘጋ ግን የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሊሰጥዎ ይገባል፤ ሽፋንዎ ካበቃ በኋላም ሌላ ለመግዛት 60 ቀን አለዎት።