የመጨረሻዋ መቀመጫ የማን ናት? ስለ ተመጣጣኝ ውክልና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 100,000 ድምፅ ተሰጥቷል፣ የምክር ቤቱ መቀመጫ 10 ነው። ፓርቲ ሀ 43,000፣ ለ 31,000፣ ሐ 17,000፣ መ 9,000 አግኝተዋል። መቀመጫውን በትልቁ ቀሪ ዘዴም በከፍተኛ አማካይ ዘዴም ብናከፋፍለው ያው አይደለም?

ያው አይደለም። ልዩነቱ ግን አንዲት መቀመጫ ናት።

በትልቁ ቀሪ እንጀምር። ጠቅላላውን ድምፅ ለ10 ስናካፍል 10,000 ይመጣል። ኮታው ይህ ነው። ሀ አራት ሙሉ ኮታ አለው፣ 3,000 ይተርፈዋል። ለ ሦስት አለው፣ የሚተርፈው 1,000 ነው። ሐ አንድ ወስዶ 7,000 ይተርፈዋል። መ አንድም ሙሉ ኮታ የለውም፤ 9,000ው በሙሉ ቀሪ ነው። እስካሁን 8 መቀመጫ ታደለ። የቀሩት ሁለቱ ትልልቅ ቀሪ ላላቸው ይሄዳሉ፦ አንዱ ለመ፣ አንዱ ለሐ። ውጤቱ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ሆነ።

በከፍተኛ አማካይ ደግሞ ኮታ የሚባል ነገር የለም። በጣም የታወቀውን የድሆንትን ዘዴ እንውሰድ። መቀመጫዎቹ አንድ በአንድ ለጨረታ ይቀርባሉ እንበል። የእያንዳንዱ ፓርቲ ዋጋ፣ ያገኘው ድምፅ እስካሁን በያዘው መቀመጫ ላይ አንድ ተደምሮ ሲካፈል የሚመጣው ነው። የመጀመሪያውን ሀ በ43,000 ይወስዳል። ወዲያው ዋጋው ወደ 21,500 ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለተኛው በ31,000 የለ ይሆናል። እንዲህ እያለ ዘጠኙ ሲያልቅ ሀ 4፣ ለ 3፣ ሐ 1፣ መ 1 ይዘዋል።

አሥረኛዋ ላይ ነው ጉዱ። የሀ ዋጋ 43,000 ለ5፣ ማለትም 8,600 ነው። የሐ ደግሞ 17,000 ለ2፣ ማለትም 8,500። ለ በ7,750 ከኋላ ነው፣ መ ጭራሽ አይደርስም። መቀመጫዋን ሀ ወሰዳት። ውጤቱ 5፣ 3፣ 1፣ 1።

ጥያቄ (ከአንድ የሒሳብ መምህር)፦ እንግዲህ ግልጽ ነው። ድሆንት ለትልልቆች ያደላል፣ ትልቁ ቀሪ ፍትሐዊ ነው። ምኑ ያከራክራል?

መምህር፣ የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው። ድሆንት ወደ ትልልቆች ያዘነብላል። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፍም፤ ምክንያቱም ትልቁ ቀሪ ራሱን ለሚሰነጣጥቅ ፓርቲ በር ይከፍታል።

ሀ ብልጥ ቢሆንና አምስት የዕጩ ዝርዝር ቢያቀርብስ? እያንዳንዱ 8,600 ድምፅ ያገኛል እንበል። ማናቸውም 10,000 አልሞሉም። ሙሉ ኮታ ያላቸው ለ እና ሐ ብቻ ናቸው፣ አራት መቀመጫ ይወስዳሉ። ስድስት ይቀራል። ቀሪዎቹን ከትልቁ ጀምረው ይዩ፦ የመ 9,000፣ ከዚያ አምስቱ የሀ ዝርዝሮች በ8,600። ስድስቱ አለቁ! የሐ 7,000 ውጭ ቀረ። ሀ አንድም ተጨማሪ ድምፅ ሳያገኝ ከ4 ወደ 5 ወጣ።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሕግ አውጪው ምክር ቤት በዚህ ዘዴ ሲመረጥ ፓርቲዎች በአንድ ወረዳ ብዙ ዝርዝር ማቅረብን ልማድ አድርገውት ነበር። አደጋም አለው። ደጋፊዎች እኩል ካልተከፋፈሉ፣ ለምሳሌ አንዱ ዝርዝር 6,500 ላይ ከቀረ፣ ያቺ መቀመጫ ወደ ሐ ትመለሳለች።

ጥያቄ፦ በድሆንት ሐ እና መ ቢጣመሩስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትንንሾች የሚያመልጡበት ቀዳዳ እሱ ነው። አንድ ላይ 26,000 ይሆናሉ። 26,000 ለ3 ሲካፈል ከ8,666 ትንሽ ይበልጣል። የሀ አምስተኛ ዋጋ 8,600 ነበር። ዋጋቸው በ66 በለጠ! አሁን 4፣ 3፣ 3 ሆነ። ለየብቻ ሁለት መቀመጫ የነበራቸው ተጣምረው ሦስት አገኙ። በአጭሩ፣ ትልቁ ቀሪ መሰንጠቅን ሊሸልም ይችላል፣ ድሆንት ደግሞ መጣመርን።

ጥያቄ (ከአንድ የማኅበር ጸሐፊ)፦ እኛ አምስት የቦርድ አባላት ነው የምንመርጠው። አባላት አምስት ስም ይጽፋሉ፣ ብዙ ድምፅ ያገኙት ያልፋሉ። የትኛው ዘዴ ይሻለናል?

ሁለቱም አይሠራላችሁም። እነዚህ ዘዴዎች ድምፅ ለዝርዝር ሲሰጥ ናቸው። እናንተ ለሰው ነው የምትመርጡት። በእናንተ አካሄድ 55 ከመቶ የሆነ ቡድን ተማክሮ ከመረጠ አምስቱንም ጠቅልሎ ይወስዳል። ያ ካስቸገራችሁ ዕጩዎች በዝርዝር ይቅረቡ። ቡድን የሚባል ነገር ከሌላችሁ ግን ባትነካኩት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጭቅጭቁን ለመቅረፍ መቀመጫ ብንጨምርስ? ማን ይጎዳል?

በትልቁ ቀሪ ከሆነ የሚጎዳ ሊኖር ይችላል። ከ1880 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ በኋላ፣ መቀመጫ ለግዛቶች በሕዝብ ብዛት ሲከፋፈል፣ የታየ ነገር ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ 299 መቀመጫ ቢኖረው አላባማ 8 ታገኝ ነበር፤ 300 ቢሆን 7።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ299 የአላባማ ድርሻ 7.646 ነበር፣ የቴክሳስ 9.640፣ የኢሊኖይ 18.640። አላባማ በቀሪ ትበልጣለች። ወደ 300 ሲኬድ የሁሉም ድርሻ በእኩል መቶኛ ያድጋል፤ ትልቁ ግን በቁጥር ብዙ ይጨምራል። አላባማ 7.671 ስትሆን ቴክሳስ 9.672፣ ኢሊኖይ 18.702 ደረሱ። ሁለቱም በቀሪ ቀደሟት። በከፍተኛ አማካይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይከሰትም፤ አዲሷ መቀመጫ ለጨረታ ትቀርባለች እንጂ የተሰጠውን ማንም አይነጥቅም።

ጥያቄ (ከዚያው መምህር)፦ እሺ፣ ተረታሁ አልልም። መሐል ላይ የሚቆም ዘዴ የለም?

አለ፣ ሴንት-ላጉ። ጨረታው ያው ነው፣ አካፋዮቹ ግን 1፣ 2፣ 3 ሳይሆኑ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ናቸው። በእኛ ምሳሌ ሐ ለሁለተኛ መቀመጫው 17,000 ለ3፣ ወደ 5,667 ያቀርባል። ሀ ለአምስተኛው 43,000 ለ9፣ ወደ 4,778 ብቻ። ስለዚህ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ይወጣል። ጀርመን ለፌዴራል ምርጫዋ ድሆንትንም ትልቁ ቀሪንም ሞክራ ከ2009 ጀምሮ በዚህ ትሠራለች። እኔም ብጠየቅ ይህን እመርጣለሁ።

ግን እርስዎም ባዶ እጅዎን አይደሉም። በአማካይ ዘዴዎች አንድ ፓርቲ ከድርሻው አልፎ ተርፎ ሊያገኝ ይችላል፦ 4.3 ይገባዋል የተባለ ከ5ም በላይ። ትልቁ ቀሪ ይህን ፈጽሞ አያደርግም። ባሊንስኪና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከድርሻ ሳይወጣ፣ በፍጥነት ያደገው በዝግታ ላደገው መቀመጫ ከመልቀቅም የሚያመልጥ ዘዴ እንደማይኖር በሒሳብ አረጋግጠዋል። ከዚህ በኋላ ምርጫው የሒሳብ አይደለም፣ እዚህ ላይ ላንስማማ እንችላለን።

ጥያቄ፦ ዝቅተኛ የድምፅ ገደብ ቢኖርስ? ለምሳሌ 10 ከመቶ?

ያኔ መ በ9 ከመቶ ወጣ፤ ድምፁም ከስሌቱ ይወጣል። 91,000 ይቀራል፣ ኮታው 9,100 ይሆናል። በትልቁ ቀሪ 5፣ 3፣ 2። በድሆንትም 5፣ 3፣ 2። ልብ በሉ፣ የመ መቀመጫ በትልቁ ቀሪ ለሀ ሄደች፣ በድሆንት ደግሞ ለሐ። ስለ ቀመር ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከሩ ሰዎች ገደቧን ሳያዩ ሲያልፉ ይገርመኛል።

እዚህ ሳለን አንድ ነገር፦ ኮታውንም ውጤቱንም አታጠጋጉ። እንዲህ በጠባብ ልዩነት የምትወሰን መቀመጫ በማጠጋጋት ልትገለበጥ ትችላለች። እኩል ከመጣም ዕጣ ይሁን ሌላ፣ ደንቡ ከድምፅ ቆጠራው በፊት ይጻፍ።