ሰርዤም ከካርዴ መቁረጣቸውን አላቆሙም

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዘጌ ገዳማት የምናደርስበት ትንሽ ድርጅት አለኝ። ለአንድ የውጭ አገር የቦታ ማስያዣ ሶፍትዌር ከዶላር ቪዛ ካርዴ በየወሩ 29 ዶላር ይቆረጥ ነበር። ጥር 5 በኢሜይል ሰረዝኩ፣ መልስ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ቆርጠዋል፤ የመጀመሪያው ጥር 20 ነው። ባንክ ሄጄ «ክፍያውን አላውቀውም» ልበል?

መልስ፦ አይበሉ። እንዲህ ካሉ ጉዳዩ የማጭበርበር አቤቱታ ይሆናል። ድርጅቱ ደግሞ ካርዱን ራስዎ እንደሰጡትና ለወራት እንደከፈሉ አሳይቶ በቀላሉ ይረታዎታል። የእርስዎ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ፈቃድ ሰጥተው ነበር፣ ጥር 5 ግን አንስተውታል። በቪዛ ደንብ ይህ የተሰረዘ ተደጋጋሚ ክፍያ ይባላል፣ የራሱ ኮድም አለው፦ 13.2።

ቻርጅባክ፣ ማለትም ባንክዎ የተቆረጠውን ገንዘብ ከድርጅቱ ባንክ እንዲያስመልስልዎ፣ ለባንክዎ የካርድ ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ። አጭር ይሁን፦ «ለዚህ ድርጅት የሰጠሁትን የተደጋጋሚ ክፍያ ፈቃድ በዚህ ቀን ሰርዣለሁ። ከዚያ በኋላ የተቆረጡት ሦስት ክፍያዎች፣ በድምሩ 87 ዶላር፣ እንዲመለሱልኝ በቻርጅባክ እንዲጠየቅልኝ አመለክታለሁ።» የላኩትን ኢሜይል ቀኑና የተቀባዩ አድራሻ እንደሚታይ አድርገው ያትሙ። ክፍያዎቹ ያሉበትን ስቴትመንትም ያያይዙ። ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ጥር 5 ጃንዋሪ 13 ነው። ማመልከቻው ላይ «ጥር 5»፣ ኢሜይሉ ላይ «13» ካለ መዝገቡን የሚያየው ሰው ግራ ይጋባል። ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ሳያስመቱ ከቅርንጫፉ አይውጡ።

ጊዜው እየሄደ ነው። ገደቡ በአብዛኛው 120 ቀን ሲሆን ለእያንዳንዱ ክፍያ ለብቻው ይቆጠራል። የጥር 20ው ክፍያ ግንቦት 20 ላይ ያበቃለታል፤ ቀኑን ለማስታወስ አይቸገሩም መቼም። ነገር ግን እስከዚያ አይጠብቁ፤ ባንክዎ የራሱ ያጠረ ቀነ ገደብ ሊኖረው ይችላል፣ ወረቀቱ እስኪደርስም ቀናት ይወስዳል።

ድርጅቱ መከራከር ይችላል። ጠንካራ መከላከያው «ከሰረዘ በኋላም ሲጠቀም ነበር» የሚለው ነው፤ ስለዚህ ወደ አካውንትዎ ገብተው አዲስ ቦታ አያስይዙ። ውሉንም ያንብቡ። መሰረዝ የሚቻለው በአካውንቱ ገጽ ብቻ ነው የሚል ወይም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅ ከሆነ የመጀመሪያው 29 ዶላር ሊያከራክር ይችላል። ከጥር 5 በፊት የተቆረጠውን ግን ይተዉት፤ እሱን መጨመር ሙሉውን አቤቱታ ያደክማል።

ቻርጅባክ ያለፈውን ይመልሳል እንጂ የሚመጣውን አያቆምም። በዚያው ማመልከቻ የዚህ ድርጅት ቀጣይ ክፍያ እንዲታገድ ይጠይቁ። ካርድ መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ አዲሱን ቁጥር ለነጋዴዎች የሚያሳውቅ አገልግሎት ስላለ ድርጅቱ ተከትሎ ሊመጣ ይችላል።

ባንኩ ማመልከቻውን አልቀበልም ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀጥሎ በባንኩ የቅሬታ ክፍል፣ እዚያም ካልተፈታ ለብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይችላሉ። ፍርድ ቤት ሄዶ የውጭ አገር ድርጅት መክሰስ? ሕጉ አይከለክልም። ለ87 ዶላር ግን እኔ አልመክርዎትም፤ ወጪው ራሱ ከዚያ ይበልጣል።