ሰብታይትሉ ከተዋናይዋ ሲቀድም

«ጋሼ፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የ12 ደቂቃ አጭር ፊልም ሠርተናል። እናት በአማርኛ፣ ልጅ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር እየቀላቀለች ያወራሉ። የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ከፍለን አሠራን። አማርኛ የማይሰሙ ጓደኞቻችን ግን ግራ ገባቸው። አንዳንዱ ሳይባል ቀድሞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ግማሹ ብቻ ነው ያለው ይላሉ። ፎንት ቀየርን፣ ሁሉንም መስመር ግማሽ ሰከንድ ገፋነው። ለውጥ የለም።»

የገፋኸውን መልሰው። ደህና የነበሩትን መስመሮችም አበላሽተሃል። አንዳንዱ ይቀድማል፣ አንዳንዱ ይጎድላል ስትለኝ የጠረጠርኩት የግሱን ቦታ ነው። ሰብታይትል የሠራላችሁ ሰው መስመሩን የቆረጠው ቋንቋው በተቀየረበት ይመስለኛል። በደቂቃ ሂሳብ በርካሽ የሚሠራ ሥራ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሰውየው የጽሑፉን ትርጉም እንጂ የተዋናይዋን አፍ አያይም።

ምንም ከመንካትህ በፊት ግን ጽሑፍ የሌለበት ንጹህ ኮፒ መኖሩን አረጋግጥ። ምስሉ ላይ ታትሞ ኤክስፖርት የተደረገ ሰብታይትል በኋላ ሊነሳ አይችልም።

አሁን ወደ ግሱ። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ እንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይጥለዋል። እናትየው «ያደግሽበትን ቤት... ለአጎትሽ ሸጥኩት» ትላለች እንበል። ከ«ቤት» በኋላ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ትዕይንቱ የተንጠለጠለው እዚያች ዝምታ ላይ ነው። በአንድ መስመር ሲተረጎም ግን «ሸጥኩት» የሚለው መጀመሪያ ላይ ይወጣል። አንባቢው እናትየው ገና «ቤት» ሳትል መሸጡን አውቋል። ልጅቷ ስትደነግጥ የዘገየች ትመስላለች፣ ጥሩ ትወናም ይበላሻል። አሉታውም እንዲሁ ነው። «ነገ ከአንቺ ጋር ቤተ ክርስቲያን አልሄድም» ሲባል እምቢታው የሚሰማው በመጨረሻው ቃል ነው። በእንግሊዝኛው ግን ከፊት ይመጣል። መፍትሔው ለሁለት መክፈልና ሁለተኛውን ከዝምታው በኋላ ማስጀመር ነው፦

```
14
00:03:21,200 --> 00:03:23,400
The house you grew up in...

15
00:03:24,100 --> 00:03:26,100
I sold it to your uncle.
```

የመጀመሪያው መስመር ማሰሪያ ግስ የለውም። ሆን ተብሎ ነው፤ ተመልካቹም ከልጅቷ እኩል ይጠብቃል።

የሚጎድለው ግማሽ የሚመጣው ከሌላ ስህተት ነው። ልጅቷ «ቀጠሮውን ካንስል አድርጊው» ስትል ይሄ አማርኛ ነው። «ካንስል» ስለተሰማ ብቻ ቃሉን ከሰብታይትሉ ማውጣት አያስኬድም። የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ አማርኛ ከሆነ ሙሉውን ተርጉም። ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ ከሆነ በእንግሊዝኛው ፋይል ባዶ ተወው።

ሰብታይትል የማያድነው መስመርም አለ። «አይ ቶልድ ዩ ነገ አልመጣም ቢኮዝ ሥራ አለኝ» ዓይነት ካለህ ስክሪፕቱን ራሱ አስተካክል። ተመልካቹ ይሰማል፣ ያነባል፣ ይሰማል፣ እንደገና ያነባል፤ ይህ ሁሉ በሦስት ሰከንድ ውስጥ። «ነገ አልመጣም፣ ሥራ አለኝ። አይ ቶልድ ዩ!» ብትል አማርኛው አንድ ላይ ይነበባል፣ እንግሊዝኛው ያለ ጽሑፍ ይሰማል። አነጋገሩም እውነተኛ ነው። እዚያ ያደጉ ልጆች ሲናደዱ አንዱን ሐሳብ ጨርሰው ነው ብዙ ጊዜ ቋንቋ የሚቀይሩት። የተቀረጸውን እንደገና ማንሳት ካልቻልክ ሙሉውን፣ እንግሊዝኛውንም ጨምረህ፣ በአንድ ሰብታይትል አሳየው። ድግግሞሽ ይሻላል፤ ቁርጥራጭ ግን አይነበብም።

ለሚቀጥለው ስክሪፕት አማርኛውን በፊደል፣ እንግሊዝኛውን በላቲን ጻፍ። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ተዋናይንም ተርጓሚንም ያሳስታል፤ «ጠራ» እና «ተራ» እኩል ይጻፋሉ። በሁለት ፊደል ሲጻፍ ግን ቋንቋው የት እንደሚቀየር በዓይን ይታያል።

ለአገር ቤት ተመልካች የልጅቷን እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሌላ ፋይል ያስፈልግሃል። `film.en.srt` እና `film.am.srt` ብለህ ለያቸው። አማርኛውን በ`UTF-8` አስቀምጥ፣ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በየድረ ገጹ የሚወርድ ነጻ ፎንትም አትመን። `Noto Sans Ethiopic` ይበቃሃል። ፊደሉን ለማዝመም አትሞክር፣ አያምርም፤ ለማንበብም ያስቸግራል።

ስትጨርስ አማርኛ የማይሰማ ሰው አስቀምጥና ስክሪኑን ትተህ የእሱን ፊት እይ። «ሸጥኩት» ሳይባል ከደነገጠ መስመር 15 አሁንም ይቀድማል፤ ሁለት መቶ ሚሊ ሰከንድ እየጨመርክ ሞክር። ፌስቲቫሉ ጽሑፉ ምስሉ ላይ ይታተም ካለህ ደግሞ ከንጹሁ ላይ ሌላ ኮፒ አውጣ። ንጹሁን አትንካው፣ በሁለተኛ ሃርድ ዲስክም አስቀምጠው።