98 በመቶ ትክክል የሆነው ሞዴል ፓምፖቹ ሲቃጠሉ ለምን ዝም አለ?

ጥያቄ፦ «ሸዋ ሮቢት አካባቢ ባሉ 9 ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ከረንት፣ ቮልቴጅ፣ ፍሰትና የውሃ ከፍታ በየ10 ደቂቃው የሚመዘግቡ ርካሽ ሴንሰሮች አስገጥመናል። በግራዲየንት ቡስቲንግ የሠራሁት ሞዴል ስፈትነው 98 በመቶ ትክክል ነው፤ መስክ ላይ ግን ሁለት ፓምፖች ሲቃጠሉ ምንም አላለም። ስህተቴ የት ነው?»

እኔም መንዝ ውስጥ በጥቂት ጉድጓዶች ላይ ይህንኑ ሥራ ስጀምር ተመሳሳይ ቁጥር አግኝቼ ነበር። ስለዚህ አስቀድሜ የምጠረጥረው ዳታውን ለማሠልጠኛና ለመፈተኛ የከፈሉበትን መንገድ ነው። መዝገቡ በዘፈቀደ ከተከፈለ የ4፡10 ንባብ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ የ4፡20 ንባብ ደግሞ መፈተኛው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ ሞዴሉ የብልሽቱን ምልክት ከመማር ይልቅ ያንን ቀን ሸምድዶ ይመልሳል። አንዱን ፓምፕ ከነመዝገቡ ይደብቁ፣ በቀሩት 8 ያሠልጥኑ፣ በተደበቀው ይፈትኑ፤ ይህንንም ለ9ኙም በየተራ ያድርጉ። በዚያ ላይ ፓምፕ አብዛኛውን ቀን ደህና ስለሚሠራ፣ ሁልጊዜ «ደህና ነው» የሚል ሞዴልም 98 በመቶ ሊያመጣ ይችላል። እኔ አሁን የምቆጥረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከብልሽቶቹ ስንቱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠበትና ለአንድ ፓምፕ በወር ስንት የሐሰት ማስጠንቀቂያ እንደወጣ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን ሌላ ስህተት ነበር። ሞዴሌ ከሁሉም በላይ የተመካው በ24 ሰዓት ውስጥ በጎደሉት ንባቦች ብዛት ላይ ሆኖ አገኘሁት፤ በጊዜውም ትልቅ ግኝት መስሎኝ ነበር። ወደ ጉድጓዱ ሄጄ ኦፕሬተሩን ስጠይቀው፣ ፓምፑ ሲያስቸግረው ማብሪያውን እንደሚያጠፋና መዝጋቢው መሣሪያም ከዚያው መስመር ስለሚበላ አብሮ እንደሚጠፋ ነገረኝ። በጥገና ደብተሩ ላይ «ተበላሸ» ተብሎ የተጻፈው ቀን ደግሞ ባለሙያው የደረሰበት ቀን ነበር፤ አንዳንዴም ከእውነተኛው ብልሽት 4 እና 5 ቀን ይዘገያል። ሞዴሉ ስለዚህ አስቀድሞ የቆመን ፓምፕ «ሊቆም ነው» ይለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የብልሽቱን ቀን ውሃ ለመጨረሻ ጊዜ ወደፈሰሰበት ሰዓት መለስኩት፤ ከዚያ ሰዓት እስከ ጥገናው ማብቂያ ያሉትን ረድፎች በሙሉ አወጣሁ፤ መብራት በመጥፋቱ ንባብ የጎደለበትን ጊዜም «መብራት የለም» ብዬ ለብቻው ለየሁት።

ወደ ፊቸር ምርጫ ስንመጣ፣ ጥሬ ከረንት ብቻውን እምብዛም አይጠቅምም። ፓምፖቹ በአቅም ይለያያሉ፤ አንዱ ፓምፕም በመስመር መብራትና በጀነሬተር ሲሠራ ከረንቱ አንድ አይሆንም። የጠቀመኝ ፍሰትን ለከረንት አካፍሎ ውጤቱን ከዚያው ፓምፕ ከራሱ የቀድሞ ልክ ጋር ማነጻጸር ነው። ፓምፑ እንደተነሳ ያለው የመጀመሪያው ንባብ ስለሚዋዥቅ አይገባም።

```python
run = df[(df.amp > 2) & ~df.just_started].copy()
run["q_per_a"] = run.flow / run.amp
base = (run[run.days_since_install <= 30]
        .groupby("install_id").q_per_a.median())
run["ratio"] = run.q_per_a / run.install_id.map(base)
```

አንዱን ልንገርዎት። አንድ ፓምፕ እንደተተከለ በ20 አምፔር 4 ሊትር በሰከንድ ይሰጥ ነበር፤ ይህም 0.20 ነው። ከወራት በኋላ በ19.6 አምፔር 3.4 ሊትር ሰጠ፤ ይህም ወደ 0.173 ወረደ፤ ማለትም ከራሱ ልክ 87 በመቶው ብቻ ቀረው። ከረንቱን ብቻ የሚያይ ሰው የ2 በመቶ ለውጥ ብሎ ያልፈዋል። ይሁን እንጂ ፍርድ ከመስጠቴ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የውሃ ከፍታ አየሁ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ከወረደ ፓምፑ ወደ ላይ የሚገፋበት ርቀት ስለሚረዝም፣ ጤነኛ ቢሆንም ፍሰቱ ይቀንሳል። ከፍታው ግን አልተለወጠም ነበር። ፓምፑ ሲወጣ የኢምፔለሮቹ ጠርዝ በአሸዋ ተበልቶ እንደ ወረቀት ሳስቶ አገኘነው። ይህን ንጽጽርና የውሃውን ከፍታ ጎን ለጎን ለሞዴሉ መስጠት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ርካሽ የከረንት መቆንጠጫ ደግሞ አፉ በደንብ ካልገጠመ ከእውነተኛው በታች ያነባል፤ ያኔ ንጽጽሩ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይዘላል። መበላት በሳምንታት ቀስ እያለ የሚያወርድ ነገር ስለሆነ፣ አዲስ ፓምፕ ሳይተከል ወደ ላይ የዘለለ ንጽጽር ካዩ መጀመሪያ መቆንጠጫውን ይፈትሹ።

የብልሽቶችዎ ቁጥር ጥቂት መሆኑ ስለማይቀር ከ5 ወይም 6 ፊቸር አይለፉ፤ የዛፎቹንም ጥልቀት በ3 ይወስኑ። በመብረቅ ወይም በአንድ ፌዝ መጥፋት ድንገት የሚቃጠል ሞተር ግን አስቀድሞ የሚታይ ምልክት ስለማይተው የትኛውም ሞዴል አይደርስበትም፤ ለፌዝ መጥፋቱ የፌዝ መከላከያ ሪሌይ ያስገጥሙ። የእርስዎ ሁለት ፓምፖች ከየትኛው ወገን እንደነበሩ ለማወቅ፣ ከመቃጠላቸው በፊት ያለውን የ60 ቀን ንጽጽር በግራፍ አውጥተው እዚህ ይለጥፉትና አብረን እንየው።