የጤፍ ኦፕሽን ውል፦ ቀብድ ነው ብለህ እንዳትፈርም

*ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ። ደሴ ላይ እህል እነግዳለሁ። ወረኢሉ ያለ አንድ ባለመጋዘን «20,000 ብር ስጠኝና እስከ ሰኔ 30 ድረስ 50 ኩንታል ነጭ ጤፍ በ12,000 ብር ሒሳብ የመግዛት መብት ይኑርህ፤ ካልፈለግክ ትተወዋለህ፣ 20,000ው ግን አይመለስም» አለኝ። ኦፕሽን ይባላል አሉ። አጎቴ ደግሞ ለሻጭም እንዲህ ያለ ውል አለ ይላል። ከ20,000 በላይ ልከስር እችላለሁ? ወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ብንለውስ?*

ሰላም ወንድሜ። ቀብድ አትበለው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንጨርስ።

የቀረበልህ ውል ኮል ኦፕሽን ይባላል። የመግዛት መብት ነው፣ ግዴታ ግን የለብህም። 12,000ው አስቀድማችሁ የቆረጣችሁት ዋጋ ነው። 20,000ው ደግሞ ፕሪሚየም ነው፣ የመብቱ ዋጋ ማለት ነው፤ በኩንታል 400 ብር ይደርሳል። የጤፉ ክፍያ አካል አይደለም። ሰውየው ጤፉን እስከ ሰኔ 30 ለሌላ ሳይሸጥ ለሚጠብቅበትና የዋጋ መጨመሩን አደጋ ለሚሸከምበት የምትከፍለው ነው።

ሰኔ ደረሰ እንበል። ሰኞ ገበያ ላይ ጤፉ 13,500 ገባ። መብትህን ትጠቀማለህ፣ በ12,000 ትገዛለህ። በኩንታል 1,500፣ በ50 ኩንታል 75,000 ብር ታተርፋለህ። ፕሪሚየሙ ሲቀነስ 55,000 በእጅህ ይቀራል።

ዋጋው ወርዶ 10,500 ቢሆንስ? ትተወዋለህ፣ አለቀ። የፈለግከውን ጤፍ ከገበያ በ10,500 ትገዛለህ። የከሰርከው 20,000 ብቻ ነው። በኦፕሽኑ ፋንታ «በ12,000 እገዛለሁ» ብለህ መደበኛ የሽያጭ ውል ፈርመህ ቢሆን ኖሮ ግን የማትወጣው ግዴታ ነበር፣ 75,000 ብር ይሄድብህ ነበር። የገዢው ኪሳራ የሚገደበው በዚህ ነው፤ ሻጩ ዕድለኛ ስላደረገህ ሳይሆን ውሉ አንተን ወደፊት ለምንም ስለማያስገድድህ። ጤፍ 5,000 ቢወርድም የአንተ 20,000 ላይ ይቆማል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መሃል ላይ ነው። ዋጋው 12,250 ሆነ እንበል። «400 ከፍዬ 250 ለማትረፍ? ይቅርብኝ» ብለህ እንዳትተወው። 400ው አንዴ ሄዷል፣ ብትገዛም ባትገዛም አይመለስም። ከገዛህ 12,500 ብር ታስመልሳለህ፣ ኪሳራህ ወደ 7,500 ይወርዳል። ከተውከው ሙሉ 20,000 ነው። ከ12,400 በላይ ሲሆን ነው ትርፍ የሚጀምረው።

አጎትህ ያለው ፑት ኦፕሽን ነው። የመሸጥ መብት ነው። ለምሳሌ አንድ ገበሬ በመስከረም ለነጋዴ ፕሪሚየም ይከፍልና «በጥር ጤፌን በ11,000 ልሸጥልህ እችላለሁ» ይላል። አዝመራው ገብቶ ዋጋው 9,500 ከወረደ ነጋዴው በ11,000 መግዛት ግዴታው ነው። ዋጋው ከ11,000 በላይ ከሆነ ገበሬው ወደ ገበያ ይወስዳል። የገበሬውም ኪሳራ ከፕሪሚየሙ አይበልጥም። በኮልም በፑትም የሚጠበቀው መብቱን የገዛው ወገን ነው። መብቱን የሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የተቀበለው ፕሪሚየም የትርፉ ጣሪያ ነው፣ ኪሳራው ግን የገበያው ጉዳይ ነው። ጤፍ ሳይኖረው ኮል የሸጠ ሰው ዋጋው በጨመረ ቁጥር ከገበያ ገዝቶ ማስረከብ አለበት፣ ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ አንተ ነገ ተነስተህ ለሌላ ሰው ኦፕሽን መሸጥ ከጀመርክ ይኼ መልስ አይሠራልህም።

አሁን ወደ ቀብዱ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። እዚህ ድረስ ኦፕሽን ይመስላል። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ቀብድ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ ውሉን ማፍረስ እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ አስበው። ጤፉ 13,500 ሲገባ ባለመጋዘኑ 40,000 ብር ያስታቅፍህና «ደህና ሁን» ይልሃል። ያንተን 20,000 መልሶ ከኪሱ የሚያወጣው 20,000 ብቻ ነው። 75,000 ብር ጭማሪው ለእሱ ሆነ፣ ቅጣቱ ሲቀነስ 55,000 ይዞ ይሄዳል። ያንተን ትርፍ ማለት ነው! መብትህ ዋጋ ባወጣበት ሰዓት ከእጅህ ወጣ፣ ሕግም አልጣሰም። በሌላ በኩል ደግሞ ውሉ ሲፈጸም ቀብድ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል (አንቀጽ 1884)፣ ያ ደግሞ ለሻጩ አይመቸውም። ቃሉ ሁለታችሁንም ያጣላል።

ደግነቱ አንቀጽ 1885 ተዋዋዮች ሌላ ነገር ካልተስማሙ ነው የሚሠራው። እኔ ብሆን እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦

*«ገዢው 50 ኩንታል ነጭ ጤፍ እያንዳንዱን በ12,000 ብር እስከ ሰኔ 30 ድረስ የመግዛት መብት አግኝቷል፤ የመግዛት ግዴታ ግን የለበትም። ለዚህ መብት የከፈለው 20,000 ብር ቀብድ አይደለም፣ ከጤፉ ዋጋም አይታሰብም። ሻጩ ይህን ገንዘብም ሆነ እጥፉን በመመለስ ከውሉ መውጣት አይችልም።»*

ዓመተ ምሕረቱን አትርሱ። «ነጭ» ማለት ብቻም አይበቃም፤ ሰርገኛ የተቀላቀለበት አልቀበልም ብለህ አስፍር፣ ከቻልክ ናሙና በከረጢት አሽጋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ርክክቡ የት እንደሚሆን፣ ሚዛኑ የማን እንደሆነ፣ ጭነቱን ማን እንደሚከፍል ጻፉ። መብትህን ስትጠቀም እንዴት እንደምታሳውቀውም ይግባበት፤ ሰኔ 30 ማታ ስልኩን ዘግቶ ቢያድር ሐምሌ 1 ምንም መብት የለህም። እንደዚህ ያለ የእህል ውል በቃልም ይጸናል፣ ግን ክርክር ሲመጣ በቃል የተባለውን ማስረዳት ይከብድሃል፤ በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። «ኪሳራዬ 20,000 ብቻ ነው» የሚለው ስሌት ሰውየው ቃሉን ይጠብቃል ብሎ ነው የሚነሳው። እንደ ቺካጎ ባሉ የኦፕሽን ገበያዎች በገዢና በሻጭ መሃል የሚገባ አካል አለ፣ ሻጩም ማስያዣ ያስይዛል፣ ስለዚህ አንዱ ቢከዳ ገንዘቡ አይጠፋም። እናንተ ሁለት ሰዎች ናችሁ። አላስረክብም ካለ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ትሰጠዋለህ፣ ከሌላ ትገዛለህ፣ ደረሰኙን ይዘህ የዋጋውን ልዩነት በካሳ ትጠይቃለህ። ይፈረድልሃል፤ ግን የሚከፍለው በሌለው ሰው ላይ የተፈረደ ፍርድ ምን ያደርግልሃል? ስለዚህ ሳትፈርም በፊት ወረኢሉ ውረድና መጋዘኑን እይ። 50 ኩንታሉ አለ? የራሱ ነው ወይስ የሰው አደራ? ይህንኑ ጤፍ ለሌላም ሰው በኦፕሽን ሸጦት ይሆን? ይህን ጠይቀው፣ መልሱንም ውሉ ላይ አስፍረው።

ሌላው፣ 20,000ውን ተበድረህ እንዳትከፍል። ሰኔ ላይ ልትገዛም 600,000 ብር ያስፈልግሃል፣ የለህም ከሆነ መብቱ በእጅህ ሳለ ይቃጠልብሃል። መብቱን ለሌላ ነጋዴ አሳልፈህ መሸጥ እንድትችል ውሉ ላይ «ገዢው መብቱን ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ ይችላል» የምትል መስመር ጨምር፤ ባለመጋዘኑ ካልተስማማ ፕሪሚየሙን እንዲቀንስልህ ተደራደረው።