ጽሑፍ ከፎቶ ስናወጣ ፊደሉ ለምን ይሳሳታል? ጥያቄና መልስ

የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ፦ የፍርድ ቤት ውሳኔ በፎቶ ተልኮልኝ ጽሑፉን ሳወጣ ብዙው ቃል ተበላሽቶ ወጣ። በዓይኔ ግን አነበዋለሁ። ፕሮግራሙ ደካማ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ እርስዎ የደበዘዘውን ፊደል ከዐረፍተ ነገሩ ገምተው ይሞሉታል፤ የፕሮግራሙ ግምት ከእርስዎ እጅግ ያነሰ ነው። መጀመሪያ የፎቶውን መጠን ይመልከቱ። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክሰል ገደማ ያሳንሰዋል። የኤ4 ወረቀት ቁመት 29.7 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ለአንዱ ሴንቲ ሜትር 43 ፒክሰል ብቻ ይደርሰዋል። 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል 13 ፒክሰል ያገኛል፤ «ቱ»ን ከ«ቴ» የምትለየው ትንሽ ቅጥያ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት። እሷ ስትደበዝዝ «ቤቱ» የነበረው «ቤቴ» ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ትክክለኛ ቃላት ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ አይይዛቸውም፤ በንብረት ክርክር ውሳኔ ላይ ግን ልዩነቱ ከባድ ነው።

ትንሹን ፎቶ ማጉላት የጠፋውን አይመልስም። ላኪው ዋናውን ፎቶ በፋይል መልክ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ቁመቱ 4000 ፒክሰል ከሆነና ወረቀቱ ፎቶውን ከሞላው ያው ፊደል ወደ 40 ፒክሰል ይደርሳል።

ነጋዴ፦ እንግዲያው መፍትሔው ብዙ ሜጋፒክሰል ያለው ስልክ መግዛት ነው።

መልስ፦ በከፊል ልክ ነዎት፣ ወንድሜ፤ ነገር ግን 12 ሜጋፒክሰል ለአንድ ኤ4 ገጽ ይበቃል። ወረቀቱ የፎቶውን ግማሽ ቁመት ብቻ ከያዘና የቀረው ጠረጴዛ ከሆነ ያ ሁሉ ፒክሰል የጠረጴዛውን እንጨት ነው የሚቀርጸው። አራቱ ማዕዘኖች ከጠርዙ ጥቂት ገባ ብለው እስኪታዩ ይቅረቡ። ከመጠን በላይ ከቀረቡ ግን ካሜራው ማተኮር ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ይበሉ፤ ገጹንም ለሁለት ከፍለው ያንሡት።

ተማሪ፦ ፎቶዎቼ ብዥ ይላሉ። እጄ ተንቀሳቅሶ ይሁን ካሜራው ሳያተኩር ቀርቶ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ አንድ ቃል እስኪጎላ አቅርበህ እይ። የፊደሎቹ ቋሚ እግሮች ተደራርበው አግድም መስመሮቹ ጥርት ካሉ ስልኩ ወደ ጎን ተንቀሳቅሷል። ብዥታው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሆነ ትኩረቱ ነው የሳተው። ለመጀመሪያው ወደ መስኮት ተጠጋ፤ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ክፍት ስለሚቆይ ትንሽ መንቀጥቀጥም ይያዛል። ስልኩን በመጻሕፍት ክምር ላይ አስደግፈህ የ3 ሰከንድ ማዘግያ ተጠቀም፤ አዝራሩን መንካት ራሱ ያንቀሳቅሰዋልና። ለሁለተኛው በስልኩ መስታወት ላይ ጽሑፉን ነክተህ ትኩረቱን አስይዝ።

አንዲት እናት፦ መታወቂያዬ በላስቲክ የታሸገ ነው፤ ሳነሣው ቁጥሩ ላይ ነጭ ብርሃን ያርፋል። በኋላ በማስተካከያ ማጥቆር አይቻልም?

መልስ፦ አይቻልም፣ እናቴ። ያ ቦታ ፍጹም ነጭ ሆኖ ስለተቀረጸ ከሥሩ የሚወጣ ነገር የለም። ፍላሹን ያጥፉት፤ መብራቱም ከስልኩ በላይ ሳይሆን ከጎን ይሁን። ነጸብራቁ አሁንም ካልጠፋ መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሩብ ዙር ያዙሩት፤ ብርሃኑ ወደ ሌላ ቦታ ከሄደ ሁለተኛ ፎቶ ያንሡና የጎደለውን ከዚያ ይሙሉ። ቁጥሩን ግን በዓይንዎ ከመታወቂያው ጋር ያመሳክሩ፤ 3 እና 8 በቀላሉ ይምታታሉ።

የኮምፒውተር ባለሙያ፦ በእኔ ፎቶ ላይ የስልኩ ጥላ ያረፈበት ግማሽ ገጽ ባዶ ሆኖ ይወጣል። ጽሑፍ የማወጣው ቴሰራክት በሚባለው ፕሮግራም ነው።

መልስ፦ ጥላ ከነጸብራቅ ይሻላል፤ ፊደሉ ከጥላው ሥር ገና አለ። ፕሮግራሙ ለገጹ ሁሉ አንድ የጥቁርና የነጭ መለያ መጠን ሲወስድ ጥላ ያለበት ወረቀትም ጥቁር ይሆናል። በ5ኛው እትም መለያውን በየአካባቢው እንዲያሰላ ማዘዝ ይቻላል፦

```
tesseract photo.jpg out -l amh -c thresholding_method=2
```

ከቻልክ ግን ብርሃኑ ከፊትህ ወይም ከጎንህ እንዲመጣ ዞረህ እንደገና አንሣ።

ጡረተኛ መምህር፦ ከአባቴ የቀረ የብራና መጽሐፍ አለኝ። ፕሮግራሙ ግእዙን ወደ አማርኛ ይመልስልኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ የምንነጋገረው ፊደሉን ስለማውጣት ነው፤ ትርጉም ሌላ ሥራ ነው። ለኅትመት ፊደል የተዘጋጀ ፕሮግራም በእጅ ጽሕፈት ላይ ብዙ ይሳሳታል። ቢሆንም ያለ ፍላሽ፣ ጀርባውን ሳይጫኑ፣ ገጽ በገጽ ያንሡትና ያስቀምጡት።

የጽሕፈት ሥራ ባለቤት፦ እኔ ሁልጊዜ በስልኩ የጥቁርና ነጭ ማጣሪያ ነው የማነሣው፤ ውጤቱ ይሻለኛል።

መልስ፦ ለደማቅ ኅትመት ሊሻል ይችላል፤ እኔ ግን አልወደውም። በደበዘዘ የታይፕ ጽሑፍ ላይ ማጣሪያው ቀጫጭኑን ቅጥያ ይበላዋል።

የጽሕፈት ሥራ ባለቤት፦ ያረጀ የካርቦን ቅጂ ላይ እንኳ ሠርቶልኛል።

መልስ፦ እንግዲያው አንዱን ገጽ በሁለቱም መንገድ አንሥተሽ ያወጣውን ከወረቀቱ ጋር አስተያይተሽ ላኪልን። ባለቀለሙን ዋና ፎቶ ግን አታጥፊ።